ግሱ እስኪመጣ

ድሬ ጠያራ በሐረሪ ክልል ካሉት የገጠር ወረዳዎች አንዱ ነው። ስሙን ሁለት ቋንቋ ተጋግዞ ነው ያወጣለት፤ «ድሬ» በኦሮምኛ ሜዳ ነው፣ «ጠያራ» ደግሞ ከዓረብኛ የመጣ የአውሮፕላን መጠሪያ። ሲገጥም የአውሮፕላን ሜዳ ይሆናል። እዚያ፣ በአንድ ቀበሌ የገበሬዎች ማሠልጠኛ ግቢ ውስጥ፣ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል አንድ የግብርና ባለሙያ ስለ ለውዝ አያያዝ ንግግር አደረገ። ገበሬው ጥላ ሥር ተቀመጠ፣ ባለሙያው ቆመ፣ አንድ ልጅ ሞባይሉን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አሰረና መቅረጫውን ከፍቶ ተወው። ሲያልቅ አንድ ሰዓት ከ52 ደቂቃ የሚፈጅ ቪዲዮ ነበር።

ቅጂውን የላኩልኝ ሰዎች የፈለጉት ቀላል ይመስላል። ስብሰባው ላይ ያልነበረ ገበሬ በሞባይሉ የሚያየው፣ ዳታ የማይጨርስበት፣ ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፍ አራት አጫጭር ክሊፕ። «አሪፍ አሪፉን አውጣልን» አሉኝ። ይህ ምዕራፍ አሪፉ የት እንደተገኘ፣ የት ደግሞ አለ ብዬ እንዳጣሁት ያንኑ አንድ ቅጂ ይዞ የሚሄድ ነው።

አስቀድሞ ባለሙያው የሚናገረው ስለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ይህን ሳያውቁ ክሊፕ መምረጥ አይቻልምና። ለውዝ፣ አዲስ አበባ ኦቾሎኒ የሚሉት፣ እርጥብ ሆኖ ከተከማቸ ወይም ማሳ ላይ ሳለ ድርቅ ከመታው ሻጋታ ይይዘዋል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይሠራል። መርዙ የታወቀው በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ከ100 ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮዎች ከለውዝ ፋጉሎ በተሠራ መኖ ሳቢያ ካለቁ በኋላ ነው። ሰው ለዓመታት ሲበላው ጉበት ላይ ካንሰር ያመጣል። ሐረርጌ ለውዝ አብቃይ ነው፤ ባቢሌ ለብዙ ሰው የለውዝ ሌላ ስም ሆኗል። እናም የባለሙያው ንግግር ሲጨመቅ ሦስት ነገር ነው፦ በደንብ አድርቁ፣ ለመፈልፈል ብላችሁ ውሃ አትርጩበት፣ መቁላት መርዙን ያጠፋዋል ብላችሁ አትታመኑ።

ቅጂውን መጀመሪያ የሰማሁት ሳላቋርጥ፣ ሳልቆርጥ፣ ወደ ኋላ ሳልመልስ ነው። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም ያልቀረውን ነገር እንዲህ መስማት የጊዜ ብክነት የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። እኔ ግን ከዚህ የሚያተርፍ ሰዓት አላውቅም። ተናጋሪ ሰው ትልቁን ሐሳቡን አንድ ጊዜ ብቻ አይናገረውም። አንዴ ሲጀምር ይናገረዋል፣ አንዴ መሐል ላይ ምሳሌ ሰጥቶ ይደግመዋል፣ አንዴ ጥያቄ ሲጠየቅ በአጭሩ ይመልሰዋል። መጀመሪያ ያገኘኸውን ይዘህ ከቆረጥክ ሦስተኛውንና ምርጡን ሳትሰማው ትቀራለህ።

ስሰማ እጄ የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከቪዲዮው ድምፁን ለይቼ አውጥቼ በAudacity ከፈትኩት፤ ድምፁ እየሄደ ሳለ Ctrl+M ሲጫኑ እዚያችው ሰከንድ ላይ ምልክት ይተክላል። ምልክቱን የምተክለው «ይህ ጠቃሚ ነው» ብዬ ሳስብ አይደለም። እንዲያ ቢሆን ንግግሩ በሙሉ ጠቃሚ ነው። የምተክለው ሰውነቴ ሲነቃ ነው፦ ወንበሩ ላይ ቀና ስል፣ ሻዩን ሳላነሳው ስተወው፣ ለጎረቤቴ ልነግረው ሲያምረኝ። እዚህ ላይ ጀማሪ የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ጣትህ ቁልፉን በሚነካበት ሰዓት ያነቃህ ነገር አልፏል። ምልክቱ የሚያሳየው ነገሩ ያለቀበትን እንጂ የጀመረበትን አይደለም፤ መጀመሪያውን ከምልክቱ ወደ ኋላ ተመልሶ መፈለግ ነው፣ አንዳንዴ ግማሽ ደቂቃ ያህል።

34 ምልክት ወጣ። የመጀመሪያዎቹ 11 ደቂቃዎች ላይ አንድም አልነበረም፤ ሰላምታው፣ የእንግዶች ስም፣ ምስጋናው ነበር።

ከ34ቱ ውስጥ ቶሎ የወደቁት ጮክ ያሉት ናቸው። በ23ኛው ደቂቃ ላይ ግቢው በሳቅ ተናጋ። በድምፁ ምስል ላይ ከሁሉም የረዘመው ተራራ እሱ ነው፤ ሳይሰሙ በዓይን ብቻ የሚመርጡ ሰዎች መጀመሪያ የሚይዙት ይህን ነው። ሳቁ ግን ከአራት ደቂቃ በፊት ባለሙያው ስለ አንድ ሰነፍ ጎረቤት በጀመረው ወሬ ላይ የቆመ ነበር። ጎረቤቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ እኔ አላውቀውም፣ ክሊፑን የሚያየው ሰውም አያውቀውም። ሳቅ ውዝፍ ዕዳ ነው፦ ቀደም ብሎ የተበደሩት ነገር ሲከፈል ይመጣል። ብድሩ ክሊፑ ውስጥ ከሌለ የሚታየው ሰዎች በማይታወቅ ነገር ሲስቁ ነው። ጭብጨባም እንደዚያው፤ በአብዛኛው ተናጋሪው ምስጋና ያቀረበበት ቦታ ነው።

ምልክቶቹን ከሰማሁ በኋላ በየምልክቱ ዙሪያ ያለውን ሁለት ሁለት ደቂቃ በጽሑፍ ገለበጥኩ። ሙሉውን መገልበጥ አላስፈለገም። በጆሮ የማይታይ፣ በወረቀት ላይ ግን ቁልጭ ብሎ የሚወጣ ነገር አለ፦ ስም የሌለው ዓረፍተ ነገር። አማርኛ ስሙን አንዴ ከጠራው በኋላ ግስ ላይ ይለጥፈውና ይተወዋል። «አድርቁት፣ አገላብጡት፣ ጆንያ ውስጥ ሳትከቱት እዩት» ይላል ባለሙያው። እዚያ የተቀመጠው ገበሬ ምኑ እንደሚደርቅ ያውቃል፤ ከሃያ ደቂቃ በፊት ተነግሮታል። ክሊፑን ድንገት የከፈተው ሰው ግን በርበሬ ይሁን ማሽላ ይሁን ቡና አያውቅም። በቃል ሲሰማ ግን ምንም የጎደለ አይመስልም፣ ምክንያቱም እኔም ሃያ ደቂቃ ሙሉ አብሬ ሰምቼአለሁ።

በዚህ መንገድ ከምልክቶቹ ከግማሽ በላዩ ወደቀ። አንዳንዱን ከላይ ጽሑፍ ለጥፎ ማዳን ይቻላል። እኔ ግን ከቻልኩ ተናጋሪው ራሱ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ «ለውዝ» ያለበትን ቦታ እፈልጋለሁ፤ ድምፅ ብቻ የሚሰማ፣ ማንበብ የማይችል ሰው አለና። የሬዲዮ ሰዎች ይህ ችግር እምብዛም የለባቸውም። በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 የመዓዛ ብሩን «ጨዋታ» የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ ጠያቂዋ ጥያቄዋን ስታነሳ ጉዳዩን በስሙ ትጠራዋለች፣ ስለዚህ ጥያቄዋና መልሱ ተያይዘው ከተነሱ ብቻቸውን ይቆማሉ። ብቻውን ቆሞ የሚያወራ ሰው ንግግር ውስጥ ይህን ውለታ የሚውልልህ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አብሮኝ የሚሠራው ወጣት በ41ኛው ደቂቃ ላይ ያለውን ቦታ ቆርጦ አመጣልኝ። ባለሙያው ስለ ቆሎ የሚናገርበት ነው፤ ለእኔም ከምርጦቹ አንዱ መስሎኝ ነበር። ክሊፑ እንዲህ ያልቃል፦ «ለውዙን በደንብ ከቆላነው መርዙ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል...»

«ጋሼ፣ ጥርት ብሎ ነው ያለቀው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በድምፁ ምስል ላይ ከዚያ ቃል በኋላ አንድ ሰከንድ ተኩል የሚሆን ዝርግ ጸጥታ አለ። ዓረፍተ ነገር የሚያልቅበት ቦታ ሁሉ እንዲህ ነው የሚመስለው። ሙሉውን ከፍቼ አሰማሁት። ከጸጥታው በኋላ ባለሙያው ቀጠለ፦ «...የሚል ሰው አለ። አይጠፋም። ሻጋታው ይሞታል፤ መርዙ ግን እሳት የሚችል ነው፣ ቢቀንስ ነው እንጂ ጨርሶ አይለቅም።»

ልጁ ደነገጠ። ባለሙያው ሆን ብሎ ነው ያቆመው፤ ሰው «አዎ» ብሎ ራሱን እስኪነቀንቅ ጠብቆ ነው የገለበጠው። ጎበዝ ተናጋሪ እንዲህ ያደርጋል። ክሊፑ ግን እንደተቆረጠ ቢሄድ ኖሮ አንድ የግብርና ባለሙያ በገዛ ድምፁና በገዛ ፊቱ «ቁሉትና ብሉት» ሲል መላው ወረዳ ይሰማው ነበር።

ይህ የልጁ ግድየለሽነት ብቻ አይደለም፤ የቋንቋችን አሠራር ነው። በአማርኛ ፍርዱ ያለው በዓረፍተ ነገሩ ጭራ ላይ ነው። ግሱ መጨረሻ ይመጣል፤ «አይደለም» ግሱ ላይ ነው፣ «ይላሉ» ከግሱም ኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የተባለው ሁሉ ገና ያልጸደቀ ነገር ነው። ኦሮምኛም ግሱን መጨረሻ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ ባለሙያው ቋንቋ ሲቀይርም አደጋው አብሮ ይሄዳል። በዚህ ላይ ክሊፕ ሠሪ ሁሉ ለአጭርነት ሲል ጭራውን መከርከም ይወዳል።

መጨረሻውን በዓይን ሳይሆን በጆሮ መለየት ይቻላል። ሰው ዓረፍተ ነገሩን ሲጨርስ ድምፁ ይወርዳል፣ ይረግባል። ሊቀጥል ሲል ግን ድምፁ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። «ይጠፋል» የሚለውን ያችን ቃል ብቻ ለይቼ ለልጁ አሥር ጊዜ ያህል ደጋግሜ አሰማሁት፤ ከዚያ «አይጠፋም» የሚለውን አሰማሁት። የመጀመሪያው ላይ ድምፁ ወደ ላይ ነው፣ ሁለተኛው ላይ መሬት ይነካል። ከዚያ ወዲህ ልጁ የክሊፕ መጨረሻ ሲመርጥ ዓይኑን ይጨፍናል። እኔ የምጨምርበት፣ ከቆረጡበት ቦታ በኋላ ያለውን 20 ሰከንድ ሁልጊዜ መስማት ነው፤ ሰው ሐሳቡን የሚገለብጠው፣ የሚያርመው፣ «ግን» የሚለው እዚያ ነው።

የዓረፍተ ነገሩ ራስም የራሱ ጣጣ አለው። አማርኛ ሁኔታውን አስቀድሞ ነው የሚናገረው፦ «በደንብ ካደረቃችሁት፣ ከዝናብም ከጠበቃችሁት፣ ጆንያውን መሬት ላይ ካላስቀመጣችሁት ምንም አይሆንም።» ሰው ቶሎ እንዲሳብ ብሎ ፊቱን የሚከረክም ሰው የሚጥለው እነዚያን «ካ» እና «ከ» የሚሏቸውን ነው። የሚቀረው «ምንም አይሆንም» ነው። ጭራውን ከከረከምክ ፍርዱን ትጥላለህ፣ ራሱን ከከረከምክ ቅድመ ሁኔታውን። ስለዚህ እኔ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገብቼ አልቆርጥም። ክሊፑ ረዝሞ ካስቸገረኝ ሌላ አጭር ዓረፍተ ነገር እፈልጋለሁ እንጂ ረጅሙን አላሳጥረውም። የጊዜው ገደብም ያን ያህል አያስጨንቅም፤ የዩቲዩብ ሾርትስ ለምሳሌ ድሮ ከ60 ሰከንድ አያልፍም ነበር፣ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን እስከ ሦስት ደቂቃ ይቀበላል።

ከሁሉ የምወደው ቦታ በ67ኛው ደቂቃ ላይ ነበር፤ ለጥቂት በገዛ እጄ ላጠፋው ነበር። ባለሙያው ከኮቱ ኪስ ሁለት ያልተፈለፈለ ለውዝ አወጣ። አንዱን ጆሮው አጠገብ አድርጎ ነቀነቀው። ፍሬው ቅርፊቱ ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለ። «ሰማችሁ?» አለ። ሁለተኛውን ነቀነቀው። ምንም የለም። ግቢው በሙሉ ጸጥ ብሎ ያችን ምንም ይሰማል። አራት ሰከንድ ያህል ቆየና «ይሄ ለውዝ ገና ነው። ጆንያ አይገባም» አለ። እርጥብ ፍሬ ቅርፊቱን ሞልቶ ስለሚቀመጥ አይንቀሳቀስም፤ ሲደርቅ ይሟሽሽና ይለቃል፣ ያኔ ይንኳኳል። ገበሬው መለኪያ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ጆሮ አለው። ከአፍ እስከ ገደፍ 38 ሰከንድ ነው፣ ለውዝ የሚለው ቃል ውስጡ አለ፣ ፍርዱም አለ።

ያን ዕለት የንፋሱ ድምፅ ስላስቸገረኝ ቅጂውን በሙሉ በድምፅ ማጽጃው አሳልፌው ነበር። ንፋሱ ሄደ፤ ቀጭ ቀጩም አብሮ ሄደ። ማጽጃው ዝቅ ያለና ሻካራ ድምፅ ሲያገኝ ንፋስ ነው ብሎ ይወስደዋል፤ ከሞባይሉ ስምንት እርምጃ ርቆ የሚንኳኳ ለውዝ ደግሞ ዝቅ ያለና ሻካራ ድምፅ ነው። በላዩ ላይ ጸጥታን በራሱ የሚያሳጥር መሣሪያ ጨምሬ ስለነበር አራቱ ሰከንድ ወደ ግማሽ ሰከንድ ወርዶ ነበር። ውጤቱ አንድ ሰው ሁለት ለውዝ ይዞ ያለ ምክንያት ሲያወዛውዝ ነው። መጀመሪያ ሳልሰማው በፊት አጽድቼው ቢሆን ኖሮ ይህ ቦታ እንደነበረም አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ሥርዓቴን ቀየርኩ፤ መምረጥ ከጥሬው ቅጂ ላይ ነው፣ ማጽዳት የተመረጠችው ክሊፕ ላይ ብቻ፣ እሱም በጆሮ እየተጠበቀ። ለዚህች ክሊፕ ንፋሱን እንዳለ ተውኩት። ነቅናቂው እጅ ላይ ምስሉን ትንሽ አቀረብኩና የዚያችን አፍታ ድምፅ ብቻ ከፍ አደረግኩት።

ጸጥታ በረጅም ቅጂ ውስጥ ዋና ምልክት ነው እላለሁ። ጉባኤው ሲያልጎመጉም ሞባይሉ ያንን ሁልጊዜ ይይዘዋል፤ የሕፃን ልቅሶ፣ የወንበር መንኳኳት፣ ሳል። ያ ሁሉ ድንገት ሲጠፋ ሰው እያዳመጠ ነው። ከጭብጨባ ይልቅ እሱን ተከትዬ ሄጄ የተጸጸትኩበት ጊዜ የለም።

አራተኛው ክሊፕ የመጣው ከጥያቄው ሰዓት ነው። ብዙ ቀራጭ ሰው ጥያቄ ሲጀመር «አልቋል» ብሎ ያጠፋል፤ ይህን ቅጂ የቀረጸው ልጅ ረስቶት መቆየቱ እድላችን ነው። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ተነሡና በኦሮምኛ ጠየቁ። «ልጄ፣ ውሃ ካላስነካነው ጣታችን ይላጣል። በጥርሳችን እንፈልፍለው?» ነው ያሉት። ባለሙያው ወዲያው አልመለሰም። ወረቀቱን አጠፈና ያዘ። ከዚያ «ሃርሜ፣ እውነትዎን ነው» ብሎ ጀመረ። በእጅ የሚዞረውን መፈልፈያ በጋራ መግዛት እንደሚሻል ነገራቸው፤ የግድ ውሃ የነካው እንደሆነ ግን በዚያው ቀን ፈልፍለው፣ ፍሬውን መልሰው በደንብ ፀሐይ ሳያስመቱት ከጆንያ እንዳይከቱት አሳሰባቸው።

እስከዚያ ድረስ 96 ደቂቃ ሙሉ «ውሃ አትርጩ» ሲል ነበር። እናቲቱ የጠየቁት ግን ሁሉም ሴት ልቧ ውስጥ የነበረውን ነው፤ ለውዝ የሚፈለፍለው የማን ጣት እንደሆነ ይታወቃል። ጥያቄው ራሱ ጉዳዩን በስሙ ይጠራል፣ መልሱም ከወረቀት የወጣ አይደለም። ተናጋሪ ወረቀቱን የሚያጥፍበት ቦታ ካገኛችሁ እዚያ ቆዩ።

መልሱ ግን ሦስት ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነበር፤ መሐል ላይ ስለ ገበያ ዋጋ ገብቶ ቆይቶ ተመለሰ። እዚህ መሐሉን አወጣሁ። ሁለት ነገር ጠበቅኩ። አንደኛ፣ ቅደም ተከተሉን አልለወጥኩም፤ በኋላ የተባለውን ፊት ማምጣት የሰውየውን ሐሳብ መለወጥ ነው። ሁለተኛ፣ የወጣበት ቦታ ላይ ምስሉ ለአፍታ ጨለም እንዲል አደረግኩ፣ የሚያየው ሰው እዚህ የተዘለለ ነገር እንዳለ እንዲያውቅ። «መልሳችሁ ካላደረቃችሁት» የሚለውን ግን አልነካሁትም፤ እሱ ከወጣ መልሱ ውሃ መርጨትን የፈቀደ ይመስላል። እናቲቱንም በወረዳው ሰዎች በኩል አስጠየቅኳቸው። ድምፃቸው እንዲሰማ ፈቀዱ፣ ፊታቸው እንዲታይ ግን አልፈለጉም። ጥያቄውን ሲጠይቁ ምስሉ ላይ ያለው የባለሙያው ፊት ነው።

የቆረጣው ሥራ ራሱ አጭር ነው። ምልክቶቹ መነሻና መድረሻቸው ተስተካክሎ ከAudacity ሲወጡ እያንዳንዱ መስመር መነሻና መድረሻውን በሰከንድ ቆጥሮ የያዘ ተራ ጽሑፍ ይሆናል፤ ይህችኛዋ መስመር የቆሎዋ ናት፦

```
2471.300000	2523.900000	ቆሎ
```

ቪዲዮው ላይ ያችኑ ቦታ ለመቁረጥ፦

```
ffmpeg -ss 00:41:11.3 -to 00:42:03.9 -i nigigir.mp4 -c:v libx264 -c:a aac qolo.mp4
```

በመጨረሻዎቹ ሁለት ቅንብሮች ፈንታ `-c copy` ብሎ መጻፍ ሥራውን በአንድ አፍታ ይጨርሰዋል፤ ግን መነሻው ከፈለጋችሁበት ሰከንድ ይሸሻል። ቪዲዮ በሁሉም ሰከንድ ላይ ሙሉ ምስል አይይዝም፤ እዚህም እዚያም ሙሉ ምስል ያስቀምጥና መሐሉን በለውጥ ብቻ ይሞላዋል። እንደገና ሳይጻፍ ሲቆረጥ ከሙሉ ምስል ነው የሚጀምረው፣ ስለዚህ ያለፈው ዓረፍተ ነገር ጭራ አብሮ ይገባል ወይም ምስሉ ለአፍታ ይደርቃል። ክሊፑ ሲከፈት የሌላ ሐሳብ ቁራጭ ከተሰማ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ያችን የምልክት ጽሑፍ ከክሊፖቹ ጋር አብራችሁ አስቀምጡ። ሐረር ጁገል ውስጥ ራስ ተፈሪ ይኖሩበት በነበረው ቤት አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ያቋቋሙት ሙዚየም የድሮ የሐረሪ ዘፈኖችን ቅጂ በብዛት ይዟል። እንዲህ ያለ ክምችት ያየ ሰው ይገባዋል፤ ስንተኛው ደቂቃ ላይ ምን እንዳለ ያልተጻፈበት ቅጂ አለ ማለት ያስቸግራል። ከ34ቱ ምልክቶች ሠላሳው ክሊፕ አልሆኑም፤ ግን በሚቀጥለው ዓመት አንድ ሰው «ስለ ጆንያ የተናገረው የት ነበር?» ቢለኝ በአንድ ደቂቃ አወጣዋለሁ።

ክሊፖቹን ከመላኬ በፊት ስብሰባው ላይ ላልነበረ ሰው አሳየኋቸው። የማሳየው «እንዴት ነው?» ብዬ አይደለም፤ ሁሉም ጥሩ ነው ይላል። የምጠይቀው «እንግዲህ ምን ልታደርጊ ነው?» ብዬ ነው። ሐረር ሸዋ በር አካባቢ በቅርፊቱ ያለ ለውዝ በዘንቢል ይዛ የምትሸጥ ሴት አለች። የቆሎውን ክሊፕ፣ ሙሉውን፣ «አይጠፋም» የሚለው ያለበትን፣ አሳየኋት።

«በደንብ መቁላት ነዋ» አለችኝ።

እንደገና አሳየኋት። እንደዚያው። ክሊፑ ሐሰት አልነበረበትም፤ ግን ሐሰተኛው አባባል መጀመሪያ ይመጣል፣ ረጅም ነው፣ በግልጽ ተነግሯል፣ ከዚያ ጸጥታ ይከተለዋል። ማስተባበያው አንድ ቃል ነው። ግቢው ውስጥ ለተቀመጠ ሰው የባለሙያው ፊትና እጅ አብሮ ያስተባብልለታል፤ ገበያ መሐል በሞባይል ለሚሰማ ሰው የሚቀረው ረጅሙ ነው። 41ኛውን ደቂቃ ጣልኩት። ከምልክቶቼ መሐል ስፈልግ በ104ኛው ደቂቃ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ያንኑ ሲጠይቁት፣ ደክሞት በአጭሩ የመለሰውን አገኘሁ፦ «አባቴ፣ ለውዙን ቆሉት አልቆሉት መርዙ አለ።» ከዚያ በኋላ ምክንያቱን በግማሽ ደቂቃ ይናገራል። መጀመሪያ ስሰማ ይህን ቦታ ከምልክት አልፌ ብዙም አላየሁትም ነበር። እሱን ቆርጬ በነጋታው ተመለስኩ።

ሰማችና «ታዲያ ምን ይደረጋል?» አለች። የኪሱን ለውዝ ክሊፕ ከፈትኩላት። ስታየው አልተናገረችም። ሞባይሉን መለሰችልኝና ከዘንቢሏ አንድ ለውዝ አንስታ ጆሮዋ ሥር ነቀነቀችው፣ መልሳ ጣለችው። ሌላ አነሣች። ሦስተኛው ላይ ቆም ብላ ድጋሚ ነቀነቀችው፣ ከዚያ ከዘንቢሉ ውጪ፣ ከጉልበቷ አጠገብ፣ ለብቻው አስቀመጠችው።